«ልመልስ ስል አፌ ይተሳሰራል»

በስልክ የሚሰጥ የጀማሪዎች እንግሊዝኛ ኮርስ የሚሸጥ ሰው ገጹ አናት ላይ መጀመሪያ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ «እንግሊዝኛን በ30 ቀን አቀላጥፈው ይናገሩ!» የሚል ርእስ ነው። ይህ ርእስ ሁለት ቦታ ላይ ይስታል።

አንዱ ቁጥሩ ነው። በአውሮፓ ምክር ቤት የቋንቋ መለኪያ ሁለተኛው ደረጃ ኤ2 ይባላል። የካምብሪጅ ፈተና አዘጋጆች ከዜሮ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት ያህል ትምህርት እንደሚያስፈልግ ይገምታሉ። በቀን አንድ ሰዓት ለሚማር ሰው ይህ ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ ነው፤ ማቀላጠፍ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ገዢው በሠላሳኛው ቀን አፉ ሳይፈታ ሲቀር «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሌላው ስህተት ገዢውን አለማወቅ ነው። የእኛ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ኤቢሲዲ የሚቆጥር ሰው አይደለም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለዓመታት ተምሯል፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰው ደግሞ ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ አጥንቷል። ያልሠራው መናገሩን ብቻ ነው። ለአንድ ኮርስ ርእስ ስጽፍ በአንድ ሆቴል የምትሠራ እንግዳ ተቀባይ የሚያስቸግራት ምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «የሚሉኝ ይገባኛል፤ ልመልስ ስል ግን አፌ ይተሳሰራል» አለችኝ። ርእሱን የሰጠችኝ እሷ ናት፦

«የሚሉዎት ይገባዎታል፤ ሊመልሱ ሲሉ ግን አፍዎ ይተሳሰራል?

በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ12 ሳምንት በስልክዎ ይለማመዱ። ሲጨርሱ ራስዎን ያስተዋውቃሉ፣ ዋጋ ይናገራሉ፣ ለእንግዳ መንገድ ያሳያሉ። ስብሰባ ለመምራት ግን ይህ ኮርስ አይበቃም።»

ጊዜው ሲደመር 30 ሰዓት ነው፤ የተገባው ቃልም ከዚያ አያልፍም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የኮርሱ ባለቤት ሊሰርዛት ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ከላይ ያለውን ሁሉ የምታሳምነው እሷ ናት ብዬ ተከራከርኩ።

«ይለማመዱ» ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። «ተለማመድ» ብል ሴቷን አስቀርቻለሁ፤ «ተለማመድ/ጂ» ደግሞ ለዓይንም ለአንደበትም ያስቸግራል። አንቱታው ሁለቱንም ይይዛል፣ በትምህርቱ የሚያፍረውን ጎልማሳም ያከብረዋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለእንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን ሰጠኋት፤ አምስት ሰከንድ ያህል እንዳየችው መልሼ ወሰድኩና ምን እንደሚሸጥና ለማን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁለቱንም በትክክል መለሰች። ቀጥላ ግን «ኢንተርኔት ስንት ይበላል?» አለች። ይህን አላሰብንበትም ነበር። ትምህርቱ በድምፅ የተቀዳ በመሆኑ «ዋይፋይ ባገኙ ጊዜ ያውርዱት፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ያዳምጡት» የሚል አንድ መስመር ከመመዝገቢያው ቁልፍ በላይ አስገባን።