ሁለት ኳሶች፣ ሁለት ክሮችና አንድ ማስመሪያ

ከፎም የተቆረጡ፣ በአሉሚኒየም ፎይል የተጠቀለሉ ሁለት እኩል ትናንሽ ኳሶችን በሁለት እኩል የሐር ክሮች ከአንድ ሚስማር ላይ አንጠልጥሉ። ኳሶቹ ተነካክተው ይቆማሉ። በሱፍ ጨርቅ በደንብ የታሸ ፕላስቲክ ስታስነኳቸው ግን ድንገት ይለያያሉ፤ ጥቂት ተወዛውዘውም ተራርቀው ይረጋሉ። ምን ያህል ቻርጅ እንደያዙ ለማወቅ ከዚህ በኋላ የሚበቃው ማስመሪያ ነው።

አንዱን ኳስ ብቻ እንመልከት። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ ጓደኛው ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ክሩ ደግሞ ወደ ሚስማሩ ይጎትተዋል። ኳሱ የረጋው ሦስቱ ስለተመጣጠኑ ነው። ክር በራሱ መስመር እንጂ በሌላ አቅጣጫ መጎተት አይችልም፤ ስለዚህ ግፊቱ ከክብደቱ ጋር ያለው ንጽጽር ክሩ ወደ ጎን የሄደበት ርቀት ወደ ታች ከወረደበት ጋር ካለው ንጽጽር ጋር እኩል ይሆናል። የክሩን ውጥረት ማስላት እንኳ አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ኳስ 0.1 ግራም፣ ክሩ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በኳሶቹ መሃል ያለው ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። እያንዳንዱ ክር ወደ ጎን የሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ ታች የወረደው 50 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ንጽጽሩ 0.06 ነው፤ አንግሉም ወደ 3.4 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ ግፊቱ የክብደቱ 6 በመቶ ብቻ ነው፦ 0.000059 ኒውተን ገደማ። ይህን በኩሎምብ ሕግ ውስጥ እናስገባው፦

F = kq²/r²

k ወደ 9 ቢሊዮን ይጠጋል፣ r ደግሞ 0.06 ሜትር ነው። q 4.9 ናኖኩሎምብ ገደማ ይወጣል። ፕላስቲኩ ለእያንዳንዱ ኳስ የሰጠው ከሆነ፣ ይህ 30 ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮን ማለት ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአንግሉ የሚያገለግለው የርቀቱ ግማሽ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኩሎምብ ሕግ ግን ሙሉው 6 ያስፈልጋል። በሕጉ ውስጥ 3 ያስገባ ሰው የሚያገኘው የእውነተኛውን ቻርጅ ግማሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኳሶቹ እኩል ቻርጅ ይዘዋል ያልነው ተነካክተው ስለተካፈሉ ነው። ለየብቻ ቻርጅ ቢደረጉና አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ቢይዝም ሁለቱ ክሮች እኩል ያዘነብላሉ፤ አንዱ ሌላውን የሚገፋው ራሱ በሚገፋበት ኃይል ልክ ነውና። ያኔ ከአንግሉ የሚገኘው የሁለቱ ቻርጆች ብዜት ብቻ ነው።

ኳሶቹ ቀስ በቀስ ሲቀራረቡ ካያችሁ ቻርጁ እያመለጠ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበት የያዘ ክር ያሳልፈዋል። ክሩን አስቀድማችሁ አድርቁት፣ ኳሶቹም እንደረጉ ወዲያው ለኩ።