ልደታቸው ያልተመዘገበ አዛውንት መቶ ዓመት ማለፋቸው እንዴት ይጣራል?

በአምቦ፣ በጊንጪና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች መቶ ዓመት አለፋቸው የሚባሉ አዛውንቶች ሲወለዱ የመዘገባቸው አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመታወቂያ ላይ የሰፈረው ዕድሜም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ የተናገረው ስለሆነ እንደ ሌላ ማስረጃ አይቆጠርም። የገዳ እርከን ይረዳል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ነገር ግን ልጅ የሚገባበት ቡድን የሚወሰነው በአባቱ ቡድን እንጂ በራሱ ዕድሜ ስላልሆነ፣ እርከኑ ብቻውን የልደትን ዓመት አያሳይም።

ስለዚህ ማጣራቱ የሚጀምረው ዓመታቸው ከታወቀ ክስተቶች ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ በ1923 ዓ.ም. የተፈጸመው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫንና በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ለዚህ ያገለግላሉ። ጠያቂው «ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ማለት የለበትም፤ ቁጥር ከጠየቀ ቁጥር ይሰጠዋል። የሚጠቅመው «ያኔ ምን ይሠሩ ነበር? አግብተው ነበር? ልጆች ነበሩዎት?» የሚለው ነው። ሰው ዕድሜውን ቢረሳም ጥጃ ይጠብቅ ወይም ያርስ እንደነበር አይረሳም።

ዕድሜው የታወቀ የአካባቢ ሰው ካለ ሥራው ይቀላል። በደንዲ የተወለዱት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ልደታቸው ጥር 1913 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ሲገባ በ15 ዓመታቸው ዱር ቤቴ ብለው ተዋግተዋል። «ጃገማ ጫካ ሲገባ እኔ ገና ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» የሚል የደንዲ አዛውንት ያኔ ስምንት ዓመት ገደማ ነበረው ቢባል፣ ልደቱ 1920 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል፤ መቶ የሚሞላውም በ2020 ነው። ከዚያ በፊት «መቶ አልፎኛል» ካለ፣ ወይ ትዝታው ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል። ቤተሰቡ ደግሞ ሰውየው የተወለደው በዘመነ ማርቆስ እንደሆነ ካስታወሰ፣ ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ስምንት ዓመታትን የሚሸፍን የልደት ግምት ወደ ሁለት ዓመታት ብቻ ይጠባል።

ትልቁ አደጋ አንድ ስም ለሁለት ክስተት ሲውል ነው። በዶዶላ አካባቢ የኖሩት አቶ ዳቀቦ ኤባ በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በኦሮሚያ ቴሌቪዥን ቀርበው 160 ዓመት እንደሆናቸው መናገራቸው በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። የልደት ማስረጃ አልነበራቸውም። ዋናው ድጋፍ ጣሊያን ሲወር ሁለት ሚስቶችና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበራቸው የሚለው ትዝታ ሲሆን፣ ዜናውን ያሰራጩት ወረራውን የዓድዋ ዘመን አድርገው ወሰዱት።

ሁለት ሚስት ያገባና ልጁ ለከብት የደረሰለት ሰው ቢያንስ 28 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ትዝታው የ1888ቱ ከሆነ ልደቱ ቢዘገይ 1860 ነው፤ በ2005 ዕድሜው 145 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን 15 ዓመታት ትዝታው አይደግፋቸውም። ትዝታው የ1928ቱ ከሆነ ግን ልደቱ 1900 ገደማ፣ ዕድሜውም 105 ነው። በሰነድ የተረጋገጠው ረጅሙ የሰው ዕድሜ የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማን 122 ዓመት ነው። የጣሊያን ጦር ወደ አርሲና ባሌ የዘለቀውም በ1928ቱ ወረራ እንጂ በዓድዋ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው ንባብ ሚዛን ይደፋል፤ ሆኖም 105ም ራሱ በትዝታ ላይ የቆመ ግምት ነው።

ሁለቱን የሚለዩ ጥያቄዎች አሉ። በ1888 ቢያንስ 28 ዓመት የሞላው ከብት አርቢ፣ ከ1880 ጀምሮ ከብቱን የጨረሰውን ደስታ በሽታና ተከትሎት የመጣውን ክፉ ቀን ሳይጠየቅ ያነሳዋል። በ1900 የተወለደ ግን የሚያውቀው ከወላጆቹ ሰምቶ ነው፤ ልዩነቱም በአነጋገሩ ይታያል፦ «ከብታችን አለቀ» ከማለት ይልቅ «የአባቴ ከብት አልቆ ነበር ይሉኛል» ይላል። ሁለተኛው መለያ ልጁ ነው። በ1928 የሰባት ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ በ2005 ዓ.ም. 84 ዓመቱ ነው፤ በ1888 እረኛ የነበረ ግን 124 ይሆን ነበር። ልጁ በሕይወት ካለ፣ ወይም የሞተበት ዓመትና የልጆቹ ዕድሜ ከታወቀ፣ ከአባቱ ንግግር ይልቅ የእሱ ዕድሜ ይበልጥ ያስረዳል። ለእናቶች ይህ መለኪያ የበለጠ ይጠነክራል፤ ከ50 ዓመት በኋላ መውለድ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ልጃቸው 45 ዓመት የሆነላቸው እናት 120 ናቸው ከተባለ በ75 ዓመታቸው ወለዱ ማለት ይሆናል።

ጥያቄው በሌላ ቀን፣ ሌላ ዘመድ ሳይኖር ይደገማል። አዛውንቱ ጥጃ ጠባቂ፣ አራሽ ወይም ባለትዳር የነበሩበት ቅደም ተከተል በሁለቱም ቀን አንድ ከሆነ፣ ከግብር ደረሰኝ፣ ከጋብቻ ሰነድ ወይም ከጡረታ ፋይል ጋር ይመሳከራል። ውጤቱ «102 ዓመት» ተብሎ አይጻፍም፤ «ከ98 እስከ 106» ተብሎ ነው። የዝቅተኛው ጫፍ ከመቶ በታች ከሆነ መቶ ማለፋቸው አልተረጋገጠም ይባላል፣ ምንም እንኳ ሐሰት ነው ባይባልም።