የፍየሉ ዋጋ ተከፍሏል፤ ድርሻዎ መቼ ይገባል? በናይሮቢ የሽያጭ አፖች የክፍያ ክፍፍል እንዴት እንደሚሠራ

ናይሮቢ ውስጥ ኪያማይኮ ያለ ገዢ በአንድ አፕ ከሦስት ነጋዴዎች 20 ፍየል አዝዞ በኤም-ፔሳ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ገዢው የሚያየው አንድ ክፍያ ነው። ከዚያ ክፍያ ጀርባ ግን ገንዘቡ በአራት ይከፈላል፦ ለሦስቱ ሻጮችና ለአፑ ኮሚሽን። ይህ ክፍፍል የት እንደሚደረግ፣ ወጪውን ማን እንደሚችልና ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚወሰነው ሽያጩ ከመደረጉ በፊት ነው። ከአፕ ጋር ከመዋዋል በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ገንዘቡ መጀመሪያ በማን ስም ይገባል?

ሁለት አሠራር አለ። በመጀመሪያው፣ ገዢው የሚከፍለው በአፑ ባለቤት ስም ወደተከፈተ ፔይቢል ነው። ሙሉው ገንዘብ በአፑ ሂሳብ ይቀመጣል፤ አፑ ኮሚሽኑን ቀንሶ ቀሪውን ለየሻጩ በኋላ ይልካል። በዚህ መሃል ገንዘቡ በሕግ ፊት የአፑ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ቢከስር ወይም ሂሳቡ ቢታገድ ሻጩ ከሌሎች አበዳሪዎቹ ጋር ተሰልፎ የሚጠብቅ አበዳሪ ይሆናል።

በሁለተኛው፣ ክፍያውን የሚቀበለው ፈቃድ ያለው የክፍያ አሳላጭ ድርጅት ነው። ፔይስታክ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። አፑ ለእያንዳንዱ ሻጭ በአሳላጩ ዘንድ ንዑስ ሂሳብ ይከፍታል፤ ንዑስ ሂሳቡም ከሻጩ የራሱ ሂሳብ ጋር ይያያዛል። ገዢው ሲከፍል ድርሻው እዚያው ይከፋፈላል፣ የሻጩም ገንዘብ በአፑ ኪስ ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይሄዳል።

የትኛው አሠራር እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ንዑስ ሂሳብ ሲከፈት የእርስዎ የሂሳብ ቁጥርና ስም ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ሲገባም ላኪው አሳላጩ ይሆናል። በየጊዜው የሚገባልዎ ገንዘብ ከአፑ ድርጅት ስም የሚላክ ከሆነ ግን ያሉት በመጀመሪያው አሠራር ውስጥ ነው።

ሦስት ከመቶ የተባለው ስንት ይሆናል?

ከላይ ያነሣነውን ሽያጭ በቁጥር እንየው። አንደኛው ሻጭ 8 ፍየል በ11,000 ሽልንግ፣ ሁለተኛው 7 ፍየል በ12,000፣ ሦስተኛው 5 ፍየል በ10,400 ሸጠዋል እንበል። ዋጋቸው በቅደም ተከተል 88,000፣ 84,000 እና 52,000 ነው፤ ድምሩ 224,000 ሽልንግ። አፑ 3 ከመቶ ኮሚሽን ቢወስድ 6,720 ሽልንግ ያገኛል። ለሻጮቹ 85,360፣ 81,480 እና 50,440 ይቀራል።

ስሌቱ ግን እዚህ አያበቃም። አሳላጩም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ከኮሚሽኑ ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው 224,000 ላይ ነው። ለስሌት ያህል 1.5 ከመቶ ብንል 3,360 ሽልንግ ይሆናል። ይህን ማን ይከፍላል? በፔይስታክ አሠራር አፑ ይህን የሚወስነው `bearer_type` በሚባል ምርጫ ነው። ሦስቱ የተለመዱ ምርጫዎች በጣም የተለያየ ውጤት አላቸው።

አፑ ራሱ ከቻለው፣ ከ6,720 ሽልንግ ኮሚሽኑ ግማሹ ይሄድበታል። ሻጩ ግን የተባለው 3 ከመቶ ብቻ ይቀነስበታል።

ወጪው እንደየድርሻው ከተከፋፈለ፣ አንደኛው ሻጭ ተጨማሪ 1,280.40 ሽልንግ ይቆረጥበታል። እጁ የሚገባው 84,079.60 ነው። ከ88,000 ላይ የተቀነሰበት በጠቅላላ 3,920.40 ሆነ ማለት ነው፤ ይህም 3 ከመቶ ሳይሆን ወደ 4.5 ከመቶ የተጠጋ ነው።

ለአራቱ እኩል ከተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ 840 ሽልንግ ይችላል። ይህ 8 ፍየል ለሸጠው ይጠቅማል፤ 5 ፍየል የሸጠው ግን በድርሻው ልክ ቢሆን 756.60 ብቻ ይከፍል ስለነበር ከትልቁ ነጋዴ ወጪ የተወሰነውን ይሸከማል።

ስለዚህ «ኮሚሽናችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም። «የአሳላጩን ክፍያ ማን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣትና መልሱ በውሉ መጻፍ አለበት።

ገንዘቡ የሚወጣበት ቀን

ድርሻው በክፍያው ቅጽበት ቢከፋፈልም ገንዘቡ ያኔውኑ ሻጩ እጅ አይገባም። በፔይስታክ የንዑስ ሂሳብ አወጣጥ `settlement_schedule` በሚባል ቦታ ይወሰናል። `auto` ከሆነ በማግስቱ የሥራ ቀን ይወጣል። በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ እንዲወጣም ማድረግ ይቻላል። `manual` ከሆነ ደግሞ አፑ «ይውጣ» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ይቆያል።

«በማግስቱ የሥራ ቀን» የሚለውን ልብ ይበሉ። ሐሙስ የተከፈለ ዓርብ ሊወጣ ይችላል፤ ዓርብ የተከፈለ ግን ሰኞን ይጠብቃል፣ ሰኞ በዓል ከሆነ ማክሰኞን። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በቅዳሜና እሑዱ ሽያጭ ገንዘብ ቀጣዩን ጭነት ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ ይህን የሁለት ሦስት ቀን ክፍተት ከወዲሁ ካላሰበ መኪናው ቆሞ ይጠብቀዋል።

አፖች ታዲያ ለምን `manual` ይመርጣሉ? ምክንያቱ የቁም እንስሳ ንግድ ጠባይ ነው። በምሳሌያችን ከሦስተኛው ሻጭ 5 ፍየሎች 2ቱ በመንገድ ሞቱ እንበል። ገዢው 20,800 ሽልንግ ይመለስልኝ ይላል። የሻጩ ድርሻ ቀድሞ ከወጣ ከሻጩ ሂሳብ ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ የለም፤ ተመላሹ ከአፑ ገንዘብ ላይ ይከፈልና አፑ ሻጩን ሲያሳድድ ይኖራል። ገንዘቡ ገና ካልወጣ ግን ሒሳቡ እዚያው ይስተካከላል። የሻጩ ሽያጭ ወደ 3 ፍየል፣ ማለትም 31,200 ሽልንግ ይወርዳል፤ ኮሚሽኑ 936፣ የሻጩ ድርሻ 30,264 ይሆናል። ከ20,800ው ተመላሽ 20,176 ከሻጩ፣ 624 ደግሞ ከአፑ ኮሚሽን መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ አፑ በሞቱት ፍየሎች ላይ የወሰደውን 624 ሽልንግ ኮሚሽን ይመልሳል? ካልመለሰ ሻጩ ላልተሸጠ ፍየል ኮሚሽን ከፈለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ክፍያ የተቆረጠው የአሳላጩ ወጪ ተመላሽ ሲደረግ አብሮ ላይመለስ ይችላል፤ ያ ኪሳራ የማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ገንዘቡን ማቆየት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው መጨረሻ የሌለው ማቆየት ነው። ጥሩ ውል የሚለቀቅበትን ምክንያትና የሚለቀቅበትን ሰዓት ሁለቱንም ይጽፋል፤ ለምሳሌ «ገዢው መረከቡን ሲያረጋግጥ፣ ወይም ከተረከበ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅሬታ ካላቀረበ»። የመጨረሻው ሐረግ ከሌለ፣ ገዢው ስልኩን ዘግቶ ዝም ባለ ቁጥር የሻጩ ገንዘብ ታስሮ ይቀራል።

ሰንጋ ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል

ለፍየል የሚበቃው ኤም-ፔሳ ለከብት አይበቃም። በኬንያ በአንድ ጊዜ ማስተላለፍ የሚቻለው እስከ 250,000 ሽልንግ፣ በቀን እስከ 500,000 ነው፤ በአንድ ሂሳብ ውስጥም ከ500,000 በላይ መቀመጥ አይችልም። እያንዳንዳቸው 80,000 ሽልንግ የሆኑ 10 ሰንጋዎች 800,000 ያወጣሉ። ገዢው በአንድ የግል መስመር ቢከፍል ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

በክፍልፋይ ሲከፈል ክፍፍሉ በቁርጥ መጠን ከተሞላ ችግር ይመጣል። ለመጀመሪያው ክፍያ የአንዱ ሻጭ ሙሉ ድርሻ ከተያዘ እሱ ወዲያው ይከፈለዋል፣ ሌላው ደግሞ የነገውን ክፍያ ይጠብቃል፤ ነገ ገዢው ቢቀር ጉዳቱ የእሱ ብቻ ነው። ድርሻው በመቶኛ ከተሞላ ግን በየክፍያው ሁሉም እኩል ይጓዛሉ።

ሌላው መንገድ ባንክ ነው። ፔሳሊንክ እስከ 999,999 ሽልንግ በማንኛውም ሰዓት ያስተላልፋል፤ ከዚያ በላይ የሆነው በባንኮች የሥራ ሰዓት በአርቲጂኤስ ይሄዳል። ገዢው በቀጥታ ወደ አፑ የባንክ ሂሳብ ካስተላለፈ ግን ክፍፍሉ በአሳላጩ አልተደረገም፤ ወደ መጀመሪያው አሠራር ተመለስን ማለት ነው።

በተቀባይ በኩልም ጣሪያው ይሠራል። ኤም-ፔሳዎ ላይ 430,000 ሽልንግ እያለ የ85,360 ድርሻ ቢላክልዎ ከ500,000 ስለሚያልፍ አይገባም። «ገንዘቡ ተልኳል» ተብሎ ካልደረሰ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ። ትልቅ ሽያጭ ያለው ነጋዴ ንዑስ ሂሳቡን ከባንክ ሂሳብ ጋር ቢያያይዝ ይሻለዋል።

ድንበሩ ላይ ክፍፍሉ ይቆማል

እስካሁን ያየነው ሁሉ በሽልንግ፣ በኬንያ ውስጥ ባለ ሂሳብ ነው። ኤም-ፔሳ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በኢትዮጵያም ይሠራል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያው በብር የሚሠራና በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለ ሌላ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ቻፓ ያሉ ድርጅቶች በብር የሚደረግን ክፍያ መከፋፈል ይችላሉ፤ ሁለቱ ግን አንድ ክፍያ ላይ አይገናኙም።

ስለዚህ በኢትዮጵያው ሞያሌ ያለ ባለከብት በናይሮቢው ክፍፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ አይገኝም። በንዑስ ሂሳቡ የሚገባው በኬንያ ያለው ደላላ ወይም ሸሪክ ነው። ለባለከብቱ ጥበቃው እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከደላላው ጋር ያለው መተማመን ወይም በባንክ የሚያልፍ ሕጋዊ የወጪ ንግድ ክፍያ ነው። እንዲህ ከሆነ ለባለከብቱ «ገዢው ከፍሏል» ማለት አይበቃም። ድርሻው ወደ ደላላው ሂሳብ የገባበትን ቀን የሚያሳየውን የአሳላጩን መግለጫ መላክ፣ ከዚያም ወዲህ ያለውን የቀን ብዛት አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ምንዛሪው በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚታሰብም በዚያው ስምምነት ይግባ፤ ሽልንጉ ከገባበት እስከ ብሩ ባሉት ቀናት የሚለወጠው ዋጋ አንዳንዴ ከኮሚሽኑ ይበልጣል።