164 እና 165፦ አንድ ነጥብ የሕግ ትምህርት ቤት በር የሚዘጋበት ምክንያት

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ኤልሳት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ይወስዳል። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። እዚያ የሚኖሩ ብዙ አመልካቾችና ወላጆች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ ግራ የሚጋቡበት ነገር አለ፦ 164 ያመጣው ተማሪ ሳይገባ ይቀራል፤ ኤልሳቱ ከእሱ በብዙ ያነሰው ደግሞ ይገባል። ምክንያቱ ያለው ውጤቱ በሚቆጠርበት ሕግ ውስጥ ነው።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የአዲስ ገቢ ተማሪዎቹን ውጤት በየዓመቱ እንዲገልጽ ያስገድዳል። የሚገለጸው ሚዲያኑ፣ ማለትም ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ቁጥር፣ እንዲሁም የታችኛው ሩብ (25ኛው) እና የላይኛው ሩብ (75ኛው) መቁረጫ ነጥብ ነው። ታዋቂው የዩኤስ ኒውስ ደረጃ አሰጣጥም ሚዲያኑን ነው የሚወስደው። አማካዩ ከስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ልዩነቱን በዘጠኝ ተማሪዎች እንየው፦ 158፣ 160፣ 162፣ 163፣ 165፣ 166፣ 167፣ 168፣ 170። ሚዲያኑ 165፣ አማካዩ 164.3 ገደማ ነው። በ158ቱ ቦታ 140 ያመጣ ቢገባ አማካዩ ወደ 162.3 ይወርዳል፤ ሚዲያኑ ግን ንቅንቅ አይልም። በአንጻሩ በ165ቱ ቦታ 164 ያመጣ ቢገባ አማካዩ የሚጎድለው አንድ አሥረኛ ነጥብ ያህል ሲሆን፣ ሚዲያኑ ግን ወደ 164 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ግቡን 165 ላይ ያደረገ ትምህርት ቤት 164ን ከ140 እምብዛም አይለየውም፤ ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው።

የኮሌጅ ነጥብም (ጂፒኤ) በሚዲያን ስለሚለካ ትምህርት ቤቱ በሁለቱም መስመሮች ከላይ የሚሆን ግማሽ ያስፈልገዋል፤ ግማሾቹ ግን ያው ሰዎች መሆን የለባቸውም። ጂፒኤው ደካማ ሆኖ 171 ያመጣ አንዱን መስመር ይደግፋል፤ ኤልሳቱ ዝቅ ብሎ ጂፒኤው ከፍ ያለም ሌላውን ይደግፋል። በሁለቱም ጥቂት የጎደለው አንዱንም አይደግፍም። የነጻ ትምህርት ገንዘብ በብዛት ከሚዲያኑ በላይ ላሉት የሚሄደውም በዚሁ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ሕግ ደጋግሞ የሚፈተነውን ይመለከታል። እስከ 2006 ድረስ ትምህርት ቤቶች የሚያሳውቁት የአመልካቹን ውጤቶች አማካይ ነበር። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ከፍተኛውን እንዲያሳውቁ አደረገ። 158 እና 166 ያመጣች አመልካች ቀድሞ 162 ተብላ ትቆጠር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 166 ናት። ግቡ 165 ለሆነ ትምህርት ቤት ይህ ከመስመር በታች የነበረችውን ከመስመር በላይ ማድረግ ነው።

ከፍተኛውን መውሰድ ግን የራሱ ዝንባሌ አለው። አንድ ሰው ተጨማሪ ነገር ሳይማር ደጋግሞ ቢፈተን እንኳ ውጤቱ ከእውነተኛ አቅሙ ዙሪያ በ2.6 ነጥብ ገደማ ይዋዥቃል። አቅሙ 163 የሆነ ሰው ሦስት ጊዜ ቢፈተን የውጤቶቹ አማካይ 163 አካባቢ ይቆያል፤ ከሦስቱ ትልቁ ግን በግምት 165 ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ነጥብ የመጣው ከጥናት ሳይሆን ከድግግሞሽ ነው። አንዱ ፈተና ከ200 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍል፣ የክፍያ ምሕረት ያላገኘ ችግረኛ ይህን ጥቅም በእኩል አያገኝም። ሁሉም ሲደጋግም ደግሞ ሚዲያኖቹ አብረው ይወጣሉ፤ የአምናው ሚዲያን ለዘንድሮ አመልካች አስተማማኝ ግብ መሆኑ ይቀራል።

ትምህርት ቤቶችም መስመሩን ሲጠብቁ መተላለፊያ ፈልገዋል። የቀን ተማሪዎች ውጤት ብቻ በሚቆጠርበት ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ወደ ማታው ክፍል ያዞሩ ነበሩ፤ ዩኤስ ኒውስ በ2009 የማታዎቹን ጨምሮ መቁጠር የጀመረው ለዚህ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ዓመት ተዛውረው የሚመጡት ግን የመጀመሪያ ዓመት ገቢዎች ስላልሆኑ ዛሬም በሚዲያኑ ውስጥ የሉም። በኅዳር 2022 ዬልና ሃርቫርድ ከደረጃ አሰጣጡ እንደሚወጡ ካሳወቁ በኋላ ዩኤስ ኒውስ ለመግቢያ ውጤቶች የሚሰጠውን ክብደት ቀንሷል፤ ሚዲያኑ ግን አልቀረም።

ለአመልካች ጠቃሚው ሦስቱን ቁጥሮች አብሮ ማንበብ ነው። አንድ ትምህርት ቤት 157፣ 165፣ 167 ብሎ ቢያሳውቅ፣ ከመሃል እስከ ላይ ያለው ርቀት ሁለት ነጥብ፣ ከመሃል እስከ ታች ያለው ግን ስምንት ነው። እዚያ ቤት 165 በጥንቃቄ የሚጠበቅ መስመር ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ቦታ ደግሞ በአብዛኛው ጂፒኤው ለጠነከረ ነው። ጂፒኤው ከሚዲያኑ በታች ሆኖ 163 ያለው አመልካች እዚያ ከማመልከቱ በፊት እንደገና ቢፈተን ይሻለዋል። ጂፒኤው ከሚዲያኑ በላይ የሆነ ግን በዚያው 163 ማመልከት ይችላል።