ያለቀው ጫማ ተመልሶ ሲገባ

በቴሌግራም ጫማ የሚሸጡ ብዙ ሰዎች ያለቀባቸው ሞዴል ሲገባ ፎቶውን ይለጥፉና ሥሩ «ተመልሶ ገብቷል! ዋጋ በኢንቦክስ» ብለው ይተዉታል። ወዲያው «ስንት ነው?»፣ «38 አለ?» የሚል ጥያቄ ይጎርፋል። ሻጩ ለሁሉም እስኪመልስ ቀድማ የጠየቀችው ደንበኛ ከሌላ ሱቅ ገዝታለች። ዋጋው ከፎቶው ሥር ቢጻፍ ግማሹ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

12 ጥንድ የሴት ጫማ ገባ እንበል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጥቁሩ የቆዳ ጫማ ተመልሶ ገብቷል። ቁጥር 37 ሦስት ጥንድ፣ 38 አራት፣ 39 አራት፣ 40 አንድ ብቻ። ዋጋው 3,200 ብር። ለማስያዝ የጫማ ቁጥራችሁን ጻፉልን። መኖሩን ስናረጋግጥላችሁ 500 ብር ቀብድ በቴሌብር ትልካላችሁ። ቀብድ ለከፈለ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት እናስቀምጣለን።»

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ ክፍያ። «ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል» ከተባለ ለአንዷ 40 ቁጥር ሁለት ሴቶች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብር ሊልኩ ይችላሉ። ይህ ደግሞ ደንበኛ ከማስቀየም ያለፈ ጣጣ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ሲደነግግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ግን አጠፌታውን ይመልሳል ይላል። 500 ብር የተቀበለ ሻጭ 1,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ገዢዋም ብትሆን ሐሳቧን ብትቀይር ብሩ እንደማይመለስ አስቀድማ ማወቅ ስላለባት፣ ይህንኑ ከፎቶው ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ተገቢ ነው።

የተላከ የደረሰኝ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ፎቶ ይቀየራል፣ የሌላ ቀን ደረሰኝም ይላካል። ዕቃው «ተይዟል» የሚባለው ብሩ ሻጩ ሒሳብ ውስጥ ሲታይ ነው።

ቀኑን ከነስሙ መጻፍም ይጠቅማል። «እስከ ነገ» ከተባለ፣ መልእክቱን በማግስቱ ያየ ሰው አንድ ቀን ይጨምርበታል። ለቤተሰቡ የሚገዛ ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ «12 ሰዓት» ሲል የራሱን ሰዓት ሊያስብ ስለሚችል «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለው ይታከልለት።

ኢንስታግራም ላይ ረጅም ጽሑፍ ተቆርጦ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ብቻ ስለሚታዩ የጫማው ዓይነት፣ ቁጥሩና ዋጋው ይቅደሙ፤ ምስጋናውና የልብ ምልክቱ ኋላ ይደርሳሉ።

የ40 ቁጥሩ ቀብድ እንደገባ ሻጩ አዲስ ከመለጠፍ ያንኑ ጽሑፍ አርሞ «40 ተይዟል» ይበል፤ ጽሑፉን ለጓደኛዋ የላከችም ብትኖር፣ ጓደኛዋ ወደ ቻናሉ ስትገባ የምታገኘው የታረመውን ነው። ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲያልፍ ሳይወሰድ የቀረ ካለ፣ መጀመሪያ ቀብድ ከፍላ ለቀረችው ይደወልላት፤ ከዚያ በኋላ ተራ ለሚጠብቁት ይነገር።