ዱካክ ሲጫን

የሁለተኛ ዲግሪዬን በውጭ አገር ስማር፣ በፈተና ሰሞን ኮድ ስጽፍ አድሬ ንጋት ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔ ተከፈተ። ጠረጴዛዬንና መጋረጃውን አያለሁ፤ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ ግን አልቻልኩም። በሩ አጠገብ ሰው ቆሟል። ፊቱን ባላየውም መኖሩን አልተጠራጠርኩም። ቀስ ብሎ ቀረበና ደረቴን ተጫነኝ። ልጮህ ብሞክር ድምፄ አልወጣም። በመጨረሻ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ክፍሉ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ዱካክ ነው የተጫነህ፣ ልጄ። በጀርባህ አትተኛ» አለችኝ።

እኛ ዱካክ የምንለውን ቱርኮች «ካራባሳን» ይሉታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደግሞ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። አገሩ ቢለያይም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ ምክንያቱም የሁሉም ሰው አካል የሚተኛው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ሕልም በብዛት የምናየው «ሬም» በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ሕልማችንን በአካል እንዳንፈጽም አንጎል ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋል። ዓይንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ቁልፉ ሳይከፈት አእምሮ ቀድሞ ይነቃል። ያኔ ክፍሉን እናያለን፣ እንተነፍሳለን፤ ነገር ግን የደረት ጡንቻዎች ስለማይታዘዙን እንደፈለግን በረጅሙ መተንፈስ አንችልም። ክብደት የተጫነን የሚመስለን ለዚህ ነው።

በሩ አጠገብ የቆመው ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊዘርላንድ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት ሲመረምሩ፣ አካላችን የት እንዳለ የሚከታተለውን የአንጎል ክፍል በቀላል ኤሌክትሪክ ነኩት። ወዲያው ከኋላዋ ሰው እንዳለ ተሰማት። ተቀምጣ ጉልበቷን ስታቅፍ፣ «ሰውየውም» ተቀምጦ እሷን አቀፋት። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ያ እንግዳ የራሳችን አካል ጥላ ሊሆን ይችላል ይላሉ። አንጎል የራሱን አካል በትክክል መከታተል ሲያቅተው እንደ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። በዚያ ላይ ፍርሃትና ያላለቀ ሕልም ሲጨመሩ እንግዳው ጠላት ይመስላል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ለሳምንት ያህል መተኛት ፈራሁ። ችግሩ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ዱካክን ይጠራል። ተመልሶ መጣ። የእናቴ ምክርም ትክክል ነበር፤ በጀርባ ለሚተኛ ሰው ይበልጥ እንደሚያጋጥመው ጥናቶች ያሳያሉ። በጎኔ መተኛትና ሰዓቴን ማክበር ስጀምር እየራቀኝ ሄደ።

ዱካክ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ የሚጥላችሁ ወይም ስትስቁ ጉልበታችሁ የሚከዳችሁ ከሆነ ግን ሐኪም አማክሩ።

ባለፈው ዓመት አንዴ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ያ ሰው እንደገና በሩ አጠገብ ቆመ። ፈራሁ፤ ግን ማን እንደሆነ ስለማውቅ አልታገልኩም። የእግሬን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ እየሞከርኩ ጠበቅኩት፤ ሄደ።