“ከ”ን “ተ”፣ “ቀ”ን “ጠ” የሚል ልጅ፦ የንግግር ድምፆች የሚፈጠሩበት ቦታና አኳኋን

አንድ ሕፃን “ከበሮ” ለማለት “ተበሮ”፣ “ገንፎ” ለማለት “ደንፎ”፣ “ቀለም” ለማለት “ጠለም” ሲል፣ ወላጆች ሦስት ፊደላትን መጥራት አቅቶታል ብለው ለባለሙያ ያስረዳሉ። ድምፆቹ በሚመደቡበት ሥርዓት ሲታይ ግን ስህተቱ አንድ ነው።

ተናባቢ ድምፅ የሚፈጠረው አየር በአፍ ውስጥ በአንድ ስፍራ ሲታገድ ወይም ሲጠብብ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው እገዳው የት እንደሆነ ነው። “ተ”፣ “ደ” እና “ጠ” ሲነገሩ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያለውን ድድ ይነካል። “ከ”፣ “ገ” እና “ቀ” ሲነገሩ ግን የምላስ ጀርባ ወደ ትናጋ ይነሳል። ስድስቱም አየሩን ፈጽመው ዘግተው በድንገት የሚለቁ በመሆናቸው እግድ ድምፆች ይባላሉ።

ቦታቸው አንድ የሆኑትን የሚለየው የጉሮሮ ሥራ ነው። “ተፋ”፣ “ደፋ” እና “ጠፋ” የሚለያዩት በዚሁ ብቻ ነው። በ“ደ” የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ፤ በ“ተ” አይርገበገቡም። በ“ጠ” ደግሞ አውታሮቹ ገጥመው ማንቁርት ከፍ ስለሚል፣ በመካከል የታፈነው አየር ምላስ ሲላቀቅ ይፈነዳል። ይህን ማንም ሰው ሊሞክረው ይችላል፦ ትንፋሽን ይዞ “ጥ” ማለት ይቻላል፣ “ድ” ማለት ግን አይቻልም። “ገ”፣ “ከ” እና “ቀ”ም የሚለያዩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ሕፃን “ከ”ን በ“ተ”፣ “ገ”ን በ“ደ”፣ “ቀ”ን በ“ጠ” ሲተካ የጉሮሮው ሥራ በሙሉ ትክክል ነው። ያልያዘው የምላስን ጀርባ ማንሳት ብቻ ነው። “ጠፋ”ን “ተፋ”፣ “ቀለም”ን “ከለም” የሚል ሌላ ልጅ ግን ቦታውን አውቆ የጉሮሮውን ፍንዳታ አልያዘም። እንግሊዝኛ “ጠ”ን ከ“ተ” የሚለይ ቋንቋ ባለመሆኑ፣ በዚያ ቋንቋ መካከል የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ቢያሳዩ ከቋንቋ ልምድ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አናባቢዎች እገዳ ስለሌላቸው የሚመደቡት በምላስ አቀማመጥ ነው፦ “ኢ” እና “ኤ” የፊት፣ “እ”፣ “ኧ” እና “ኣ” የመካከል፣ “ኡ” እና “ኦ” የኋላ ናቸው። ከፍታቸውም ይለያያል፤ “ኢ” ላይ ምላስ ከፍ፣ “ኣ” ላይ ዝቅ ይላል። በ“ኡ” እና “ኦ” ከንፈር ይሞላሞላል።

ወላጆች ለምርመራ ሲቀርቡ የፊደላት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ ያለውን ቃልና ሊል የፈለገውን ቃል ጎን ለጎን ጽፈው ቢያመጡ ይመረጣል። አሥር ያህል ቃላት ስህተቱ የቦታ ይሁን የአኳኋን ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ስህተቱ ወጥነት ከሌለው ወይም ልጁ በለሆሳስ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ፣ በቅድሚያ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።